ብሩ ተከፍሏል፤ ለማን?

አዳማ ላይ ዛሬ ኪስ ውስጥ አንድ ብር ሳይዙ ውሎ መግባት ይቻላል። ቁርስ ቤቱ፣ ጁስ ቤቱ፣ ፋርማሲው፣ ፀጉር ቤቱ ባንኮኒው ላይ ወይም ግድግዳው ላይ ኪውአር ኮድ ለጥፏል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ2015 ዓ.ም. ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ሲደረግ፣ ስልኩን ለወሬና ለዘፈን ብቻ ይጠቀም የነበረው የባጃጅ ሹፌር ሳይቀር በስልኩ መክፈልን ለመደ። ኤም-ፔሳም በዚያው ዓመት መጨረሻ ገባ። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባለው መንገድ ላይ ያሉት ከተሞችም ከዚህ ልማድ የራቁ አይደሉም።

ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ስካን ማድረግ ይችላል። ስካን ካደረገ በኋላ ስልኩ የሚያሳየውን ስም የሚያነበው ግን ጥቂት ሰው ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ስም ነው።

መጀመሪያ ባንኮኒው ላይ ያለው ወረቀት ምን እንደሆነ እንይ። ኪውአር ኮድ ማኅተም አይደለም፣ ፊርማም አይደለም፣ የሱቁ ንብረት ስለመሆኑም የሚመሰክር ነገር የለውም። ስልክ እንዲያነበው፣ ሰው ግን እንዳያነበው ሆኖ የተጻፈ የሒሳብ ቁጥር ነው። አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። አንድ ባለሱቅ የባንክ ቁጥሩን በእጁ ጽፎ ግድግዳ ላይ ቢለጥፍና ሌላ ሰው መጥቶ ቁጥሩን ቢቀይረው፣ ባለሱቁ አንድ ጊዜ ሲያልፍ ዓይኑን ጣል ቢያደርግ ያውቀዋል። የእጅ ጽሑፉ የሱ አይደለማ። ሁለት ኪውአር ኮዶችን ግን ጎን ለጎን አስቀምጦ ይህ የኔ ነው፣ ያ የሌላ ነው ብሎ በዓይኑ የሚለይ ሰው የለም።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ፖስታ ቤት አካባቢ አንዲት ጁስ ቤት ያላት ሴት አለች እንበል። ኪውአሩ በላስቲክ ተሸፍኖ በየጠረጴዛው ላይ ቆሟል፤ ስድስት ጠረጴዛ፣ ስድስት ኮድ። ረፋድ ላይ አንድ ወጣት ይመጣና ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። አቮካዶ አዝዞ ይጠጣል፣ በጥሬ ብር ከፍሎ ይሄዳል። ከመሄዱ በፊት ግን ልክ በዚያው መጠን የታተመ ስቲከር ከኪሱ አውጥቶ በኮዱ ላይ ለጥፏል። ሥራው አሥር ሴኮንድ አልፈጀበትም።

ከዚያ በኋላ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ ደንበኞች ሁሉ እንደወትሮው ስካን ያደርጋሉ፣ 120 ብር ይጽፋሉ፣ ፒናቸውን ያስገባሉ። ክፍያው ተሳክቷል የሚል ምልክት ይመጣል። አስተናጋጇ ስልኩን አየት ታደርግና «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ትላለች። እስከ ምሽት ሃያ ሰው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ከፍሎ ቢሆን 2,400 ብር ሄዷል ማለት ነው። ማንም አልዋሸም፣ ማንም የውሸት ስክሪንሾት አላሳየም። ሁሉም በእውነት ከፍሏል። የተከፈለው ግን ለሌላ ሰው ነው።

ይህን ማታለል ከሌላው የሚለየው ይኸው ነው። የከተማው ነጋዴ የሐሰት ደረሰኝን ያውቀዋል፤ በስልክ ላይ የተቀነባበረ የክፍያ ምስል አሳይቶ የሚሄድን ሰው ለመያዝ ዓይኑን አሠልጥኗል። ቀለሙን ያያል፣ ሰዓቱን ያያል፣ መጠኑን ያያል። እዚህ ግን ቀለሙም፣ ሰዓቱም፣ መጠኑም እውነት ነው። የተሳሳተው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ የተቀባዩ ስም። አስተናጋጇ ደግሞ የምታየው አረንጓዴውን ምልክትና 120 የሚለውን ቁጥር ነው።

የፈጠራ ስጋት እንዳይመስል፣ ጥር 2025 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ህንድ ውስጥ የሆነውን ማየት ይበቃል። ኻጁራሆ የምትባል፣ በጥንታዊ ቤተ መቅደሶቿ የምትታወቅ የማድያ ፕራዴሽ ከተማ ናት። እዚያ ሌሊት ላይ ሰዎች እየዞሩ በግማሽ ደርዘን ገደማ የንግድ ቤቶች ደጃፍ ላይ ያለውን የክፍያ ኮድ በራሳቸው ኮድ ቀየሩት። ከመካከላቸው ነዳጅ ማደያና መድኃኒት ቤት ነበሩ። ድርጊቱ በደኅንነት ካሜራ ተቀርጾ ተገኝቷል። መድኃኒት ቤቱ ላይ ነገሩ የታወቀው ግን በካሜራ አይደለም። አንድ ደንበኛ ስካን አድርጎ የወጣውን ስም አነበበና ስሙ እንደተቀየረ ለባለቤቷ ነገራት። የነዳጅ ማደያው ሰዎች የነቁት ደግሞ የተከፈለው ገንዘብ ወደ ሒሳባቸው ሳይገባ ሲቀር ነው። ሁለቱን ማወዳደር ጥሩ ነው። ስም የሚያነብ ደንበኛ ያለበት ቤት ከክፍያው በፊት ያውቃል፤ ሒሳብ ሲዘጋ ብቻ የሚያይ ቤት ግን ከሄደ በኋላ ያውቃል።

ታዲያ ስሙ ከየት ነው የሚመጣው? እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኮዱ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት የነጋዴ ክፍያ ኮድ ኢኤምቪኮ የተባለው ድርጅት ያወጣውን አጻጻፍ ይከተላል። ኮዱ ሲፈታ ተራ ጽሑፍ ነው። ከውስጡ ጥቂት ቁርጥራጮች እነሆ፦

```
010211
5303230
5802ET
5911ADAMA JUICE
6005ADAMA
```

እያንዳንዱ መስመር በሁለት አኃዝ መለያ ይጀምራል፤ ቀጣዮቹ ሁለት አኃዞች ርዝመቱን ይናገራሉ፤ የቀረው መልእክቱ ነው። የመጀመሪያው መስመር ኮዱ ቋሚ መሆኑን፣ ማለትም አንድ ጊዜ ታትሞ ለሁሉም ደንበኛ የሚያገለግል መሆኑን ይገልጻል። 53 የገንዘቡ ዓይነት ነው፤ 230 ማለት ብር ነው። 58 አገር፣ 60 ከተማ። 59 የነጋዴው ስም ነው፤ 11 ደግሞ ስሙ አሥራ አንድ ፊደልና ክፍተት እንዳለው ይናገራል።

ልብ የሚባለው ነገር ይህ ነው። 59 ላይ ያለውን ስም የጻፈው ኮዱን ያተመው ሰው ነው። አታላዩ የራሱን የሒሳብ ቁጥር አስገብቶ፣ 59 ላይ የሱቁን ስም ቢጽፍ የሚከለክለው የለም። ኮዱ መጨረሻ ላይ የማረጋገጫ ቁጥር አለ፤ እሱ ግን ኮዱ ተቀዶ ወይም ተበላሽቶ እንደሆነ ያጣራል እንጂ ማን እንደጻፈው አይናገርም። ስለዚህ መታመን ያለበት ወረቀቱ ውስጥ ያለው ስም አይደለም። ባንኩ ወይም ቴሌብር የሒሳብ ቁጥሩን ተቀብሎ፣ መዝገቡን ገልጦ፣ «ይህ ሒሳብ የእገሌ ነው» ብሎ የሚመልሰው ስም ነው። ይህ ስም መታወቂያ ተይዞ የተመዘገበ ነው። አታላዩ ወረቀቱ ላይ የፈለገውን መጻፍ ይችላል፤ የባንኩን መዝገብ ግን ከጁስ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሆኖ መቀየር አይችልም።

ብዙውን ጊዜ ይህ ስም ሁለት ጊዜ ይመጣል። አንዴ ፒን ከመግባቱ በፊት፣ ማረጋገጫው ገጽ ላይ፤ ሌላ ጊዜ ከክፍያው በኋላ በሚመጣው አጭር መልእክት ላይ። የመጀመሪያው ገንዘብን ያድናል፤ ሁለተኛው ማስረጃ ይሆናል። አንዳንድ መተግበሪያ ማረጋገጫው ገጽ ላይ ከኮዱ ያነበበውን ስም ሊያሳይ ስለሚችል፣ ከፍ ያለ ገንዘብ የሚከፍል ሰው መልእክቱን ሳያነብ ከሱቁ ባይወጣ ይመረጣል።

መልእክቱ ሌላም ነገር ይናገራል። በንግድ ፈቃድ ለተመዘገበ ነጋዴ የተከፈለ ገንዘብ የዕቃ ግዢ ክፍያ ተብሎ ነው የሚመጣው፤ ከነጋዴው አጭር ቁጥርና ከድርጅቱ ስም ጋር። ለግለሰብ ሒሳብ የሄደ ገንዘብ ግን «አስተላልፈዋል» ይላል፤ ከሰው ስምና በከፊል ከተሸፈነ ስልክ ቁጥር ጋር። ስቲከር ለጣፊው የነጋዴ ሒሳብ ለመክፈት ፈቃድና የግብር ከፋይ ቁጥር ስለሚጠየቅ፣ የሚቀለው በግለሰብ ሒሳብ መሥራት ነው። ስለዚህ ትልቅ ሱቅ ውስጥ ተከፍሎ «ለእገሌ አስተላልፈዋል» የሚል መልእክት ከመጣ፣ ቆም ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው የሚወሳሰበው። ጥያቄው ቢጠየቅ የሚመጣው መልስ የታወቀ ነውና። ደንበኛው «እህቴ፣ ሌላ ሰው ስም ነው እኮ የሚለው» ይላል። አስተናጋጇ ቀና ሳትል «አዎ፣ የባለቤቱ ወንድም ነው፤ ላከው» ትላለች። ደንበኛውም ይልካል። በማግስቱ ሌላ ሱቅ ሲገባ የሚስት ስም፣ በሦስተኛው የገንዘብ ያዡ ስም፣ በአራተኛው ሱቁን ከሁለት ዓመት በፊት የሸጠው ሰው ስም ያጋጥመዋል። ሁሉም ትክክል ነው ተብሎ ይነገረዋል። ከዚያ በኋላ ስም ማንበቡን ቢተው ማን ይፈርድበታል?

ስም የዚህ የክፍያ ዘዴ ብቸኛ ቁልፍ ነው። ቁልፉን የሰበረው ደግሞ አታላዩ ብቻ አይደለም። በዘመድ ሒሳብ የሚሰበስብ ነጋዴ ሁሉ በየቀኑ ለደንበኞቹ «ስሙን ተዉት፣ ዝም ብላችሁ ክፈሉ» እያለ ያስተምራል። ምክንያቱ አንዳንዱ ጋ ግብር ነው፣ አንዳንዱ ጋ የነጋዴ ሒሳብ ለማውጣት ወረፋና ወረቀት መሰልቸት ነው፣ አንዳንዱ ጋ ሲጀምር እንዲያ ስለጀመረ ብቻ ነው። ውጤቱ ግን አንድ ነው። ስቲከሩ በተለጠፈ ቀን ደንበኛው የማያውቀውን ስም አይቶ እንደወትሮው ያልፋል።

በጁስ ቤቷ ምሳሌ ወደ ማታ እንምጣ። ባለቤቷ ሒሳብ ስትዘጋ 2,400 ብር ጎደለ። በማግስቱ አንዱ ደንበኛ ተመልሶ ሲመጣ ትጠይቀዋለች፤ እሱም መልእክቱን ያሳያታል። ከፍሏል፤ ስሙ ግን የሷ አይደለም። «የኔ ስም ካልሆነ ለምን ከፈልክ?» ብትለው፣ «ትናንት ወዲያም የከፈልኩት ያንቺ ባልሆነ ስም ነበር፤ የእህትሽ ልጅ ነው ብለሽኝ የለ?» ቢላት ምን ትመልሳለች? በራሷ ድርጅት ስም ትሰበስብ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ክርክሩ ሁለት ወገን ይኖረው ነበር። አሁን ግን የለውም። ፍትሑም ወደሷ ያዘነብላል፤ ጠረጴዛዋ ላይ የቆመ ኮድ «እዚህ ክፈሉ» የሚል የሷ ቃል ነው። እዚያ ላይ ምን እንደተለጠፈ የማየት ግዴታ መጀመሪያ የሷ ነው፤ ደንበኛው ሁለተኛ ነው።

የምታየውስ እንዴት ነው? ጠዋት በር ስትከፍት በሌላ ስልክ ስድስቱንም ኮዶች ስካን ታደርጋለች። ስሙ ሲወጣ ታነባለች፣ ፒን ሳታስገባ ትወጣለች። አንድ ሳንቲም አያስወጣም፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጣቷን በስቲከሩ ጠርዝ ላይ ታሳልፋለች፤ ሁለት ንብርብር ካለ ጥፍር ይይዘዋል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ኮዱን ከጠረጴዛ አንስቶ ገንዘብ ያዧ ጋ ማድረግና፣ ከኮዱ ራቅ ባለ ግድግዳ ላይ በትልቁ መጻፍ ነው፦ «ስካን ሲያደርጉ የሚወጣው ስም ይህ ነው፤ አጭር ቁጥራችን ይህ ነው፤ ሌላ ካዩ አይክፈሉ።» አታላዩ አሁን አንድ ስቲከር ሳይሆን ግድግዳውንም መቀየር አለበት። አስተናጋጇም የደንበኛውን ስልክ ማየት ትታ፣ ገንዘቡ መግባቱን በሱቁ ስልክ ላይ ማየት ትጀምራለች። ሃያ ሰው ሳይሆን አንድ ሰው ብቻ ከፍሎ ነገሩ የሚነቃው በዚህ ነው።

ኮዱ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በቴሌግራም ሲመጣ ደግሞ መልኩ ይለወጣል። አዳማ ያለ አትክልት ነጋዴ ከመቂ ቲማቲም ያመጣል እንበል። አንድ ቀን ከላኪው ስም የኪውአር ምስል ይደርሰዋል፤ «ያ አካውንት ተዘግቷል፣ በዚህ ላክልኝ» የሚል ጽሑፍ አለበት። እዚህ የግድግዳ ጽሑፍ የለም፣ ጥፍር የሚይዘው ጠርዝም የለም። ያለው ስልክ መደወል ነው፤ ያውም መልእክቱ በመጣበት ሳይሆን ከድሮ ጀምሮ በሚታወቀው ቁጥር። ደውሎም መጠየቅ ያለበት «ልከሃል ወይ?» ብሎ ብቻ አይደለም። «ስካን ሳደርገው ማን የሚል ስም ነው የሚወጣው?» ብሎ ነው። የተነገረውና የወጣው ስም ካልገጠሙ ገንዘቡ አይላክም። አንድ ነገር ደግሞ ምንም ማጣራት አያስፈልገውም፦ «ብር ልልክልህ ነው፣ ይህን ስካን አድርገህ ፒንህን አስገባ» የሚል ሰው ገንዘብ ሊወስድ ነው። ገንዘብ ለመቀበል ፒን አይገባም።

የመጨረሻው ዓይነት ፖስተር ነው፤ በምሰሶ ላይ፣ በአውቶቡስ መናኸሪያ አጥር ላይ የሚለጠፈው። ይህ ብዙ ጊዜ የክፍያ ኮድ ሳይሆን የድረ ገጽ አድራሻ ነው። በአሜሪካ ኦስቲን ከተማ፣ በ2021 መጨረሻና በ2022 መጀመሪያ፣ የመኪና ማቆሚያ መክፈያ ማሽኖች ላይ ከሃያ በላይ የሐሰት ስቲከሮች ተገኝተዋል። ስካን ያደረገውን ሰው የባንክ ካርድ ቁጥሩን ወደሚጠይቅ የውሸት ገጽ ይወስዱ ነበር። ከተማው ግን ማሽኖቹ ላይ በኪውአር ክፍያ ጭራሽ አይቀበልም ነበር። መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄም ይኸው ነው፤ ይህ መሥሪያ ቤት በእርግጥ በዚህ መንገድ ይቀበላል ወይ?

ለመክፈል የሚፈልግ ሰው ኮዱን በስልኩ ካሜራ ሳይሆን በቴሌብር ወይም በባንኩ መተግበሪያ ውስጥ ባለው ስካነር ቢያነበው ይሻላል። ካሜራው ያገኘውን ማንኛውንም አድራሻ ለመክፈት ይጋብዛል፤ የመክፈያው መተግበሪያ ግን የሚፈልገው የክፍያ ኮድ ነው። ካሜራው አድራሻ ካሳየ ከመክፈት በፊት ማንበብ ነው። የቴሌብር ደረሰኝ የሚከፈትበት አድራሻ ለምሳሌ ይህ ነው፦

```
transactioninfo.ethiotelecom.et
```

ባለቤቱ የሚታወቀው ከመጀመሪያው ያዘነበለ መስመር በፊት ባሉት የመጨረሻ ቃላት ነው፤ እዚህ `ethiotelecom.et`። አታላዩ ይህንኑ ስም ወደፊት አምጥቶ `ethiotelecom.et.example.com` ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ዓይን የለመደውን ስም መጀመሪያ ላይ አይቶ ያምናል፤ የገጹ ባለቤት ግን መጨረሻ ላይ ያለው `example.com` ነው።

ገንዘቡ አንዴ ከሄደ በኋላ ያለው ዕድል ጠባብ ነው። እንዲህ ያለ ክፍያ ከፋዩ ራሱ በፒኑ የፈቀደው ስለሆነ፣ ባንኩ ከተቀባዩ ሒሳብ ላይ በአንድ ስልክ ጥሪ አንስቶ አይመልስም። ማድረግ የሚቻለው ወዲያው መደወል ነው፤ ቴሌብር ከሆነ 127፣ ንግድ ባንክ ከሆነ 951። የግብይት ቁጥሩ፣ ሰዓቱና የተቀባዩ ስም በእጅ መያዝ አለበት። ከዚያ ፖሊስ ጋ ሄዶ ማመልከት ነው። ስቲከሩም ተልጦ አይጣልም፤ የአታላዩ የሒሳብ ቁጥር ያለው እሱ ላይ ነውና መጀመሪያ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ በጥንቃቄ ተነሥቶ ከማመልከቻው ጋር ይቀርባል። ገንዘቡ በወኪል በኩል ወጥቶ ከሆነ ግን ሒሳቡ ቢታገድም የሚገኘው ባዶ ሒሳብ ነው።

የጁስ ቤቷ ባለቤት 2,400 ብሯን ላታገኘው ትችላለች። በሚቀጥለው ሳምንት ግን የንግድ ፈቃዷን ይዛ ሄዳ ሒሳቡን በድርጅቷ ስም ብታዞረው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠረጴዛዋ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ጠባቂዋ ይሆናል። ከስልኩ የሚወጣው ስም በሩ ላይ ካለው ታፔላ ጋር አንድ ሲሆን፣ የማይገጥመውን ስም ለማየት ደንበኛው ሥልጠና አያስፈልገውም።